ታሪኩ አልቋል ወይስ ተቆርጧል?

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ የሁለተኛውን ሲዝን የመጨረሻ ክፍል ጨረስኩ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ በሩን ከፈተች። ከበሩ ወዲያ የቆመውን ሰው አየች። ክው አለች። ስክሪኑ ጨለመ። ሰውየው ማን እንደሆነ አላሳዩንም። እኔም "ቀጣይ ክፍል" የሚለው ነገር ብቅ እስኪል ጠበቅኩ። ብቅ ያለው ግን ሰምቼው የማላውቀው የሌላ ድራማ ማስታወቂያ ነው።

ሦስተኛው ሲዝን የት ገባ ብዬ ፍለጋ ጀመርኩ። የትም አልገባም። አልተሠራም። ድራማው ከተሰረዘ ሦስት ዓመት አልፎታል። እኔ እንግዲህ ሃያ ክፍል ለማየት አምስት ሳምንት ሳመሽ ከርሜያለሁ።

የድራማውን ስም አልጠራም። የሠሩት ሰዎችም እንደኔው ሳይጨርሱ ነው የተቆረጠባቸው። እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። መረጃው ሦስት ዓመት ሙሉ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ነበር። ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ። ድራማውን ያየሁበት መተግበሪያ ደግሞ ካልጠየቁት አይናገርም፤ ቢጠይቁትም አይናገርም። ያለቀውንም የተቆረጠውንም እኩል በሚያምር ፖስተር ጎን ለጎን ይደረድራቸዋል። "2 ሲዝን" ይላል፣ በቃ። በሁለት ሲዝን ተጠናቆ ነው ወይስ ሁለት ላይ ተገንጥሎ? ዝም።

ከዚያ ወዲህ ረጅም ተከታታይ ድራማ ከመጀመሬ በፊት አሥር ደቂቃ የማጣራት አመል አወጣሁ። ታናሽ እህቴ ይሄን አመሌን "ምርመራ" ትለዋለች። "ምርመራው አለቀ? እንጀምር?" እያለች ትቀልድብኛለች። ትቀልድ። እሷ በእንጥልጥል የቀሩ ድራማዎችን አይታ ሦስት ቀን ስትነጫነጭ ያየኋት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ሰሞን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ ተሰርዟል ወይስ አልተሰረዘም? ከተሰረዘ አላይም፣ ካልተሰረዘ አያለሁ። ይሄ ጥያቄ በሁለት በኩል ጉድ ሠራኝ።

በአንድ በኩል፣ የተሰረዘ ሁሉ ያላለቀ እየመሰለኝ ጥሩ ጥሩ ድራማዎችን ዘለልኩ። ሴንስ ኤይትን ለምሳሌ። እ.ኤ.አ. በጁን 2017 ከሁለት ሲዝን በኋላ መሰረዙን አነበብኩና ተውኩት። ያላነበብኩት ቀጣዩን ነው። አድናቂዎቹ ጩኸታቸውን አሰሙ። በጁን 2018 ሁለት ሰዓት ተኩል የሚሆን የመዝጊያ ክፍል ተሠርቶ ወጣ። ማኒፌስትም እንደዚሁ ነው። በጁን 2021 ሦስት ሲዝን ላይ ተሰረዘ። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ሌላ አከፋፋይ አነሳው፤ ሃያ ክፍል ያለው አራተኛ ሲዝን ተሠራለትና በ2023 ታሪኩ ተዘጋ። ሁለቱም "ተሰርዟል" የሚል ዜና አላቸው፤ ሁለቱም ግን መጨረሻ አላቸው።

በሌላ በኩል ደግሞ ማይንድሃንተር አለ። ሁለት ሲዝን ነው ያለው፣ አንዱ በ2017፣ አንዱ በ2019። "ተሰርዟል?" ብላችሁ ብትፈልጉ ለረጅም ጊዜ ቁርጥ ያለ መልስ አልነበረም። በ2020 መጀመሪያ ተዋንያኑ ከውላቸው መለቀቃቸው ተሰማ። ግን "ተሰረዘ" አልተባለም፤ ላልተወሰነ ጊዜ ቆሟል ነው የተባለው። ዳይሬክተሩ ዴቪድ ፊንቸር እንደማይቀጥል በግልጽ የተናገረው በ2023 ነው። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ውስጥ "አልተሰረዘም፣ ስለዚህ ልጀምረው" ያለ ሰው አልተዋሸም። ግን አልተነገረውም።

ስለዚህ ጥያቄውን ቀየርኩት። አሁን የምጠይቀው፣ የመጨረሻውን ክፍል የጻፉት ሰዎች ሲጽፉት የመጨረሻ መሆኑን ያውቁ ነበር ወይ የሚለውን ነው። ካወቁ፣ መጨረሻው ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ መጨረሻ ነው። ካላወቁ፣ ለሚቀጥለው ሲዝን ብለው የከፈቱት በር እንደተከፈተ ቀርቷል። የዚህን መልስ ለማግኘት ደግሞ የማንንም አስተያየት ማንበብ አያስፈልግም። ሁለት ቀኖችን ማነጻጸር ይበቃል፦ የመጨረሻው ሲዝን የወጣበት ቀንና "አይቀጥልም" የተባለበት ቀን። የትኛው ቀደመ?

እህቴ ባለፈው 1899ን እንይ አለችኝ። ርዕሱ ቁጥር ብቻ ነው። መርከብ ላይ የሚሆን ነገር ነው፤ ከተለያየ አገር የተሰባሰቡ ስደተኞች፣ እያንዳንዱ በየቋንቋው የሚያወራበት፣ ምስጢር በምስጢር ላይ የሚደራረብበት። ማስታወቂያውን አሳየችኝ። አማረኝ። ምርመራ ጀመርኩ።

የፈለግኩት በእንግሊዝኛ ነው፤ እንዲህ ብዬ፦

```
1899 series cancelled
```

እዚህ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር ልንገራችሁ። አሜሪካኖቹ ቃሉን `canceled` ብለው በአንድ ኤል ይጽፉታል፤ እንግሊዞቹ በሁለት። የፍለጋ ገጾች አብዛኛውን ጊዜ ያስታርቁታል። አንድ ገጽ ከፍታችሁ እዚያው ውስጥ ቃሉን ስትፈልጉ ግን በአንደኛው ጽፋችሁ ካጣችሁት በሌላኛው ሞክሩ። እኔ አንዴ "የለም" ብዬ ደምድሜ ነበር፣ በአንዲት ፊደል ምክንያት።

ያገኘሁት ይሄ ነው። ስምንቱም ክፍል ኖቬምበር 17 ቀን 2022 በአንድ ጊዜ ወጣ። ከፈጣሪዎቹ አንዱ ባራን ቦ ኦዳር ድራማው እንደማይታደስ በኢንስታግራም ገጹ ያሳወቀው ጃንዋሪ 2 ቀን 2023 ነው። ቆጠርኩት። 46 ቀን። ዜናው የመጣው ስምንቱም ክፍል ተጽፎ፣ ተቀርጾ፣ ተቀናብሮ ሕዝብ እጅ ከገባ በኋላ ነው ማለት ነው። አንዲት መስመር እንኳ ለመለወጥ ጊዜ አልነበረም። ያው መልእክት ላይ ደግሞ ታሪኩን በሁለተኛና በሦስተኛ ሲዝን ሊጨርሱት አስበው እንደነበር ተጽፏል። ከሦስቱ አንዱን ነው የምናየው።

ለማመሳከር የዚያው ቡድን የቀድሞ ሥራ የሆነውን ዳርክን አየሁ። አከፋፋዩ እንደ 1899 ሁሉ ኔትፍሊክስ ነው፣ ፈጣሪዎቹም እነዚያው ናቸው፣ ታሪኩም የዚያኑ ያህል የተወሳሰበ ነው። ሁለተኛው ሲዝን የወጣው በጁን 2019 ነው። ሦስተኛው የመጨረሻው እንደሚሆን ግን ከዚያ በፊት ተነግሮ ነበር። ሦስተኛው በጁን 2020 ወጣ። ዜናው ሲዝኑን ከአንድ ዓመት በላይ ቀደመው። ጸሐፊዎቹ እያወቁ ጻፉ። ሃያ ስድስት ክፍል ነው፣ የተዘጋ። ሁለቱን ድራማዎች ፖስተራቸውን ብቻ አይታችሁ ይሄን ልዩነት መለየት አትችሉም።

ብዙ ሰው ይሄን ሁሉ ቀን ከመቁጠር አንድ የመረጃ ገጽ ላይ ገብቶ "ሁኔታ" የሚለውን ሳጥን ማየት ይመርጣል። እኔም አያለሁ፤ ግን እንደ ፍንጭ እንጂ እንደ መልስ አልወስደውም። ምክንያቱም ገጾቹ አንድ ቃል ለሁለት ነገር ይጠቀማሉ። ቲቪሜዝ የሚባለው ገጽ ላይ ያበቃ ድራማ `Ended` ይባላል፤ በክብር ተጠናቆ ይሁን በመሃል ተቆርጦ፣ ሁለቱም `Ended` ነው። ቲኤምዲቢ ላይ ደግሞ `Ended` እና `Canceled` ተለያይተው ተቀምጠዋል፤ ይሄ ይሻላል። ግን የሚሞሉት ተጠቃሚዎች ናቸው፤ አንዱ የተሰረዘ ያለውን ሌላው ያለቀ ሊለው ይችላል። `Returning Series` የሚለውን ካያችሁ ደግሞ ወዲያው አትደሰቱ። የመጨረሻው ክፍል የወጣበትን ዓመት እዩ። ሦስት ዓመት ድምፁ ጠፍቶ "ተመላሽ" የሚባል ድራማ፣ ሳጥኑን የሚያድስለት ሰው ያጣ ሊሆን ይችላል።

የዓመት ክልልም ያታልላል። አይኤምዲቢ ላይ ከርዕሱ አጠገብ "2017–2019" ዓይነት ነገር ስታዩ፣ የተዘጋ ዓመት የተዘጋ ታሪክ ይመስላል። ማይንድሃንተር ያለው ክልል እኮ ይሄው ነው። ዓመቱ የሚነግራችሁ ክፍሎቹ የወጡበትን ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። እሱ ላይ የወደቅኩት ከብዙ ምርመራ በኋላ፣ አዋቂ ነኝ ባልኩበት ጊዜ ነው። "ለመጨረሻ ሲዝን ታድሷል" የሚል ዜና አነበብኩና ደስ ብሎኝ ዘጋሁት። ይሄ ዜና ተስፋ ነው እንጂ ሲዝን አይደለም። ግሎው የሚባለውን የሴቶች የነጻ ትግል ድራማ ውሰዱ። ሦስተኛው ሲዝን በኦገስት 2019 ወጣ። በቀጣዩ ወር አራተኛውና የመጨረሻው ሲዝን እንደሚሠራ ተነገረ። ቀረጻም ተጀምሮ ነበር። ከዚያ ወረርሽኙ መጣ። በኦክቶበር 2020 ውሳኔው ተሽሮ ድራማው ቀረ። የ2019ኙን ዜና ብቻ ያነበበ ሰው ድራማው ያለቀ ይመስለዋል። ስለዚህ አሁን አንድ እርምጃ ጨምሬያለሁ፦ በዜናው ቃል የተገባውን የሲዝን ብዛት መተግበሪያው ላይ ካለው ጋር አስተያያለሁ። አራት ተብሎ ሦስት ካለ፣ የጎደለችው መጨረሻዋ ናት።

አንዳንዴ ደግሞ መጨረሻው አለ፤ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ፋየርፍላይ በ2002 የተሠራለት 14 ክፍል ነው። ጣቢያው ከሰረዘው በኋላ ግን በ2005 ሰረኒቲ በሚል ርዕስ የሲኒማ ፊልም ተሠራለት። ዴድዉድ በ2006 ሦስት ሲዝን ላይ ቆሞ፣ በ2019 መዝጊያ ፊልም አገኘ። አሥራ ሦስት ዓመት! ድራማውን ብቻ ከፍታችሁ ብታዩ ፊልሙ ከክፍሎቹ ጋር ተሰልፎ ላይመጣላችሁ ይችላል። ለብቻው መፈለግ ነው።

ከመጽሐፍ የተወሰደ ከሆነም ነገሩ ይለያል። ዘ ኤክስፓንስ ስድስት ሲዝን ነው፤ መጽሐፎቹ ዘጠኝ ናቸው። ስድስተኛው የመጨረሻው እንደሚሆን አስቀድሞ ተነግሯል፤ ጸሐፊዎቹ ያውቁ ነበር፣ የያዙትን ታሪክም ዘግተዋል። የመጨረሻዎቹ ሦስት መጽሐፎች ግን ወደ ድራማው አልገቡም። ማንበብ ለሚወድ ሰው ይሄ ጉድለት አይደለም፤ ቀሪው መደርደሪያ ላይ ይጠብቀዋል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ጉዳይ ልምጣ። ይሄን ሁሉ ስታጣሩ ታሪኩ ይነገራችኋል። ስፖይለር። መጨረሻ አለው ወይ ብሎ ለመጠየቅ ሄዶ መጨረሻውን ሰምቶ መመለስ ደርሶብኛል፤ ያውም ካልጠበቅኩት አቅጣጫ። የተዋንያን ዝርዝር ነበር። አይኤምዲቢ ላይ ከእያንዳንዱ ተዋናይ አጠገብ በስንት ክፍል እንደተሳተፈ ተጽፏል። ዋና የመሰለኝ ሰውዬ ከሃያ አራት ክፍል በዘጠኙ ብቻ አለ። ዘጠነኛው ላይ ምን እንደሚሆን ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። አንዲት ቁጥር ናት፣ ድራማውን ግማሽ አድርጋ በላችብኝ።

ስለዚህ ዓይኔን እመራዋለሁ። ዊኪፔዲያ ላይ የመጀመሪያውን አንቀጽና የቀኑን ሳጥን አነባለሁ፤ ስልኬ ላይ ጣቴን ወደ ታች አላንሸራትትም። የክፍሎችን ርዕስ አላይም፤ "ቀብር" የሚል ርዕስ ካለ አለቀልኝ። የፍለጋ ሳጥኑ ገና ሳልጨርስ የሚሞላልኝን ጥቆማም አላነብም። የድራማውን ስም ጽፋችሁ "ለምን" ስትሉ፣ "እገሌ ለምን ሞተ" ብሎ ይጨርስላችኋል። ሌላው ቀርቶ "መጨረሻው ሲብራራ" የሚሉ ቪዲዮዎች ሽፋናቸው ላይ የሚለጥፉት ምስል ራሱ ይናገራል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ያየ ሰው ነው፤ አጠያየቁን ካወቃችሁበት። "እንዴት ነው የሚያልቀው?" ብሎ መጠየቅ አደጋ ነው። እኔ የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ "መጀመሪያው ክፍል ላይ የተነሳው ዋና ጥያቄ ተመልሷል? አዎ ወይም አይ በል፣ ሌላ ቃል አልፈልግም።" ሰው ግን አዎ ብሎ ማቆም አይችልም። "አዎ፣ ግን ያቺ ልጅ..." ሲል ጆሮዬን እይዛለሁ።

ጥያቄው "የመጀመሪያው ክፍል" የሚለው በከንቱ አይደለም። በእንጥልጥል መቅረት የሚጎዳው ሁሉንም ድራማ እኩል አይደለምና። በየሳምንቱ አንድ ወንጀል ተነስቶ እዚያው የሚፈታበት ድራማ ቢቆረጥ የሚቀርባችሁ ትንሽ ነው፤ ሃያውን ጉዳይ ጠግባችሁ አይታችኋል። እነ 1899 ግን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ "ምንድነው እየሆነ ያለው?" እያሉ የሚጎትቱን ናቸው። ድራማው ያለው መልሱ ውስጥ ነው። እንደዚህ ያለው ላይ ጠንከር እላለሁ፤ በሌላው ላይ አሥሩን ደቂቃ እንኳ አልጨርስም።

ለእህቴ ያገኘሁትን ነገርኳት። አንድ ሲዝን፣ ስምንት ክፍል፣ ከሦስት አንድ እጅ፣ ጸሐፊዎቹ አላወቁም ነበር። ትንሽ አሰበችና "ስምንት ክፍል ሳምንት አይሞላም። እንደማያልቅ አውቀን ብናየውስ?" አለች። እውነቷን ነው። አምስት ሳምንት ሰጥቶ መቆረጥና አራት ማታ ሰጥቶ መቆረጥ አንድ አይደለም። ደግሞም አውቆ መግባት ያናድዳል እንጂ አያስደነግጥም። አየነው። ስለ መጨረሻው ትንፍሽ አልልም።

እህቴ አፌን ያስያዘችኝ ግን ቀጥሎ ነው። ሌላ አዲስ ድራማ አመጣች። ከወጣ ሁለት ሳምንቱ ነው፣ አንድ ሲዝን። ምርመራዬ እዚህ ላይ ምንም አይሠራም፤ ከሁለቱ ቀኖች አንደኛው ገና አልተፈጠረም። "እንጠብቅ፣ ይታደስ አይታደስ ይለይለት" አልኳት።

"ሁሉም ሰው እንዳንተ ቢጠብቅ ማን ያድሰዋል?" አለች።

መልስ አልነበረኝም፤ ምክንያቱም ስሌቱን አውቀዋለሁ። ኔትፍሊክስ በ2019 ለእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴ በጻፈው ደብዳቤ ተመልካችን በሦስት እንደሚከፍል ገልጾ ነበር፦ የጀመሩ፣ አንድ ክፍል በደንብ ያዩ እና የጨረሱ። ጨረሰ የሚባለው የሲዝኑን ዘጠና በመቶ ያየ ነው። ለፕሮዲውሰሮች የሚያጋሩት ቁጥርም የመጀመሪያዎቹን ሰባትና ሃያ ስምንት ቀናት የሚመለከት ነው። ያንን 46 ቀን አስታውሱት። በሃያ ስምንተኛው ቀን እኔ ድራማውን ዝርዝሬ ውስጥ ጨምሬ፣ ይታደሳል አይታደስም እያልኩ የምጠብቅ ሰው ነኝ። ከሦስቱም ውስጥ የለሁም። ቁጥሩ ላይ፣ ድራማውን ከናቀው ሰው አልለይም።

እንደኔ የተቃጠሉ ሰዎች ስንት እንደሆንን አላውቅም። ግን በየድራማው የምንጠብቅ ከሆነ፣ የምንፈራውን ነገር እኛው ራሳችን እያመጣነው ነው።

ለጊዜው ከእህቴ ጋር እንዲህ ተስማምተናል። ስድስት ሲዝን ያለው አሮጌ ድራማ ከሆነ ምርመራው ይቀጥላል፣ አታጉረመርምም። አዲስ ከሆነና ከአሥር ክፍል ካልበለጠ ግን ሳንጠይቅ እንገባለን፤ ከገባን ደግሞ በሃያ ስምንት ቀን ውስጥ እንጨርሳለን። ትናንት አራተኛውን ክፍል አየን። ሦስተኛው ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበርና ዛሬ ወደ ኋላ መልሰን እያየነው ነው።